ዘጠኝ ኩንታል ተኩል

ከሊፋ የሞተው በነሐሴ፣ ዝናቡ መላወሻ በነሳበት ሳምንት ነው። አየር ጤና፣ የጅማው መንገድ ዳር፣ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር በተያያዘችው ጋራዡ ውስጥ የጭነት መኪና ሞተር ወደቀበት። ሞተሩ የተሰቀለበት አግዳሚ ብረት አንድ ጫፉ በቤቱ የድንጋይ ግድግዳ ላይ፣ ሌላው ጫፉ ግቢው ውስጥ በተገነባ የድንጋይ ምሰሶ ላይ ያረፈ ነበር። የዚያን ዕለት ምሰሶው በአንድ ጎኑ ሰጠመና አዘነበለ፤ ብረቱ ከአናቱ ሾልኮ ወረደ። ጎረቤት ጮሆ ሲደርስ ከሊፋ ትንፋሹ አልነበረም።

ምሰሶውን የገነባው ሀብተሥላሴ የሚባል የቀራንዮ ግንበኛ ነው። በጎልማሳነቱ ከጎጃም መጥቶ፣ እዚያው መድኃኔ ዓለም አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ያረጀ ሰው ነው። ቀብሩ በተፈጸመ ማግስት ፖሊስ ከቤቱ ወሰደው። የከሰሰው የከሊፋ ታላቅ ወንድም ሰይፈዲን ነበር።

«መሠረቱን አጉድሎብናል» አለ ሰይፈዲን፣ ሊያስተዛዝን ለመጣ ሰው ሁሉ። «ድንጋዩን በልቶታል። ወንድሜን የበላው እሱ ነው።»

ሰይፈዲን መርካቶ ጨርቅ የሚነግድ፣ ቁጣውም ደግነቱም ፈጣን የሆነ ሰው ነው። ከሊፋን ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ አባት ያሳደገው እሱ ነበር። ስለዚህ ማንም «ቀስ በል» ሊለው አልደፈረም። የከሊፋ ሚስት ፋሪዳም አልደፈረችም። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሴት ልጇን ሃጂራን ታቅፋ፣ የሐዘን ጊዜዋን ከቤት ሳትወጣ ትቆጥር ነበር።

የጣቢያው መርማሪ ግን ያለ ባለሙያ ቃል ሽማግሌውን ፍርድ ቤት ማቅረብ አልፈለገም። ሰይፈዲን ያን ሲሰማ ወዲያው መኳንንት ትዝ አለው። መኳንንት ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው፤ አሮጌ ቮልስዋገኑን ከከሊፋ ሌላ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም ነበር። ቀብሩ ላይም ዳር ቆሞ ሲያለቅስ ታይቷል።

«እንዲህ ያለ ወዳጅ እውነቱን አውጥቶ ያሳያል» አለ ሰይፈዲን።

መኳንንት በማለዳ መጣ። ዝናቡ ለጊዜው አባርቷል። ፋሪዳ በመኝታ ቤቷ መስኮት መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ታየው ነበር። በመጀመሪያ ከምሰሶው ጎን አስቆፈረ። ጉድጓዱ ውስጥ በጉልበቱ ተንበርክኮ መሠረቱን ለካ፤ ድንጋዮቹን በመዶሻ እጀታ አንኳኳ። ጭቃውን በጣቶቹ መሀል አሽቶ አየ።

«እህስ?» አለ ሰይፈዲን ከላይ ሆኖ።

«ጥልቀቱ ትክክል ነው። ድንጋዩም በሥርዓት ተያይዟል። ከሥሩ ያለው አፈር ግን ዋልካ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ጠጥቶ ለስልሷል። ትንሽ ሸክም ይችላል፤ ብዙ ሲጫንበት ይሰጥማል።»

«ዋልካ መሆኑን ግንበኛው አያውቅም?»

«ያውቃል። የታሰበለትን ሸክም ግን ይችል ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ችሎ የለ?»

ከዚያ ወደ አግዳሚው ብረት ሄደ። ብረቱ ፖሊስ ባለበት ይቆይ ስላለ፣ አንድ ጫፉ ግድግዳው ላይ እንዳረፈ፣ ሌላው ጫፉ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። መኳንንት ሜትሩን ዘርግቶ ከግድግዳው ምሰሶው ላይ ያርፍበት እስከነበረው ቦታ ለካ፤ ስድስት ሜትር ሆነ። ቀጥሎ ብረቱን በመዳፉ እየዳበሰ ሄደ። መሀሉ ላይ ቆመ። ትንሽ አለፈና እንደገና ቆመ። አንዴም ደገመ።

«እዚህ መሀል ላይ ሰንሰለቱ ሲፈትገው የኖረበት ምልክት አለ» አለ። «ዝጓል፤ የቆየ ነው። ወደ ምሰሶው የቀረቡት እነዚህ ሁለቱ ግን አሁንም ያበራሉ። ያን ዕለት የተሰቀለው እዚህ ነው። ከመሀል ለምን አነሣው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ብረት የማውቅ ሰው ነኝ?» አለ ሰይፈዲን።

ፋሪዳ መጋረጃውን ለቀቀች።

እሷ ታውቃለች። ከሃጂራ አልጋ በላይ፣ ብረቱ ካረፈበት ቦታ ቁልቁል፣ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ወጥቶ ነበር። መጀመሪያ እንደ ፀጉር ነበር የቀጠነው። ከሊፋ ከባድ ሞተር ባነሣ ቁጥር እየሰፋ ሄደ፤ አንድ ቀን ኖራ ተፈርፍሮ የልጅቷ ግንባር ላይ ወደቀ። ፋሪዳ ያን ቀን ጮኸችበት።

«ወይ ይህን ጣጣህን ከልጄ አናት ላይ አንሣ፣ ወይ እኔ ልጄን ይዤ እናቴ ቤት እሄዳለሁ!»

ከሊፋ አልተቆጣም። እንደልማዱ ሳቅ ብሎ ወጣ፤ ሰንሰለቶቹን ፈትቶ ወደ ምሰሶው ሲጎትት ትሰማው ነበር። ሲመለስ እጁን በቤንዚን እየታጠበ፣ «በቃ፣ ገፋሁልሽ። አሁን ደህና ተኙ» አላት። በማግሥቱ ሞተ።

በሩን ከፈተችና ደፍ ላይ ቆመች። መኳንንት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከጎማ መጠቅለያ የተቀደደ ካርቶን ላይ መስመር ስቧል። መስመሩን ሁለት ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ደግፈውታል፤ ከላይ ሁለት ቀስቶች ቁልቁል ወርደዋል።

«ሞተሩ ዘጠኝ ኩንታል ነው» ይላል ለሰይፈዲን። «አብሮት የተሰቀለው ካምቢዮ፣ የማርሹ ሳጥን፣ ሦስት ኩንታል። የብረቱ የራሱ ክብደት ለሁለቱ ጫፍ እኩል ስለሚካፈል ለጊዜው ልተወው። ሞተሩ ከግድግዳው አምስት ሜትር ይርቃል፤ ዘጠኝ በአምስት አርባ አምስት። ካምቢዮው አራት ሜትር ይርቃል፤ ሦስት በአራት አሥራ ሁለት። ድምሩ ሃምሳ ሰባት። ይህ ሁሉ ብረቱን ከግድግዳው ጫፍ ቁልቁል ሊያዞረው ይታገላል። ምሰሶው ደግሞ በስድስት ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ሽቅብ እየገፋ ይመልሰዋል። ሃምሳ ሰባት ለስድስት ሲካፈል ዘጠኝ ተኩል። ምሰሶው ላይ ዘጠኝ ኩንታል ተኩል ነበረበት ማለት ነው።»

«ግንበኛው ስንት ይችላል ብሎ ነው የሠራው?»

«አንድ ሞተር መሀል ላይ ይሰቀላል እንደተባለ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቷል። አሮጌው ምልክትም ይመሰክርለታል። መሀል ላይ ሲሆን ዘጠኙ እኩል ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ ጫፍ አራት ተኩል። ያን ዕለት የተጫነበት ከታሰበለት እጥፍ በላይ ነው።»

«ግድግዳው ላይስ?» አለች ፋሪዳ።

ሁለቱም ዞሩ። መኳንንት ከበርጩማው ተነሣ።

«ይቅርታ፣ መኖርዎን አላየሁም።»

«ግድግዳው ላይ ስንት ነበር፣ አቶ መኳንንት?»

«ሁለት ኩንታል ተኩል ብቻ። ከሁለቱ ክብደት፣ ከአሥራ ሁለቱ፣ ዘጠኝ ተኩሉ ሲነሣ የቀረው ነው።»

«ግድግዳው ቀለለው ማለት ነው።»

«አዎ፤ በጣም ቀለለው።»

«የቀለለው የት ሄደ?»

መኳንንት ካርቶኑን አነሣ። ፊቷን አየ፤ ከዚያ ካርቶኑን አየ።

«የትም አይሄድም» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለት ሰው ባልዲ በዱላ አንጠልጥሎ ሲሸከም አይተው ያውቃሉ? ባልዲው ወደ አንዱ ሲገፋ ለሌላው ይቀለዋል። የገፉበት ሰው ግን ያንኑ ይሸከማል። ክብደቱ ያው ነው።»

«ምነው!» አለ ሰይፈዲን ድምፁ ከፍ ብሎ። «ወንድሜ ራሱን ገደለ ልትለኝ ነው? በሙያው የታወቀ ሰው፣ እንዲያው ያለምክንያት ሸክሙን ወደ ራሱ ጎተተ?»

«እኔ የምጽፈው ምሰሶው ስንት ተሸክሞ እንደነበረ ነው፣ ጋሽ ሰይፈዲን። ለምን እንደተገፋ ብረቱ አይነግረኝም። አልጽፈውምም።» ይህን ሲል ወደ ፋሪዳ አላየም። እንደገባው ግን ገባት።

ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ሽማግሌው ግን ጣቢያ ሲሚንቶ ላይ ተኝቷል፤ የመሐንዲሱ ወረቀት ብቻውን የሰይፈዲንን ልብ እንደማያበርድ ታውቃለች።

«እኔ ነኝ ያስገፋሁት» አለች።

ሰይፈዲን ያልሰማ መሰለ።

«ስንጥቁ ልጄ ላይ ይወድቅብኛል ብዬ ጮኽኩበት። እናቴ ቤት እሄዳለሁ አልኩት። ለእኔና ለሃጂራ ብሎ ነው ወደዚያ የገፋው። ግንበኛው ምንም አላጠፋም። ይግቡና ስንጥቁን ይዩት።»

ሰይፈዲን ገባ። አልጋው አጠገብ ቆሞ ስንጥቁን ከላይ እስከታች አየው፤ ጣቱን ከተተበት። ሃጂራ ተኝታ ነበር። ፋሪዳ ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢሰድባትም ደስ ይላት ነበር። እሱ ግን ጥላውን አንሥቶ ወጣና መኳንንትን «ና፣ ጣቢያ እንሂድ» አለው።

አመሻሽ ላይ ብቻውን ተመለሰ። ከደጅ ሳይገባ ቆሞ፣ «ነገ ይለቁታል። ክሱን አንሥቻለሁ» አላት። ጥላውን እያጠፈ፣ «ፋሪዳ፣ ይህን ነገር እናታችን እንዳትሰማ። አንቺን ትወድሻለች፤ እንደወደደችሽ ትኑር» አለ። ያን ጊዜ ነው ፋሪዳ ባሏ ከሞተ ወዲህ ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው።

ሀብተሥላሴ በተፈታ በሁለተኛው ቀን መጣ። ከሳምንቱ እስር በኋላ ጎብጧል። በሩ ደፍ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «አምላክ ያጽናሽ፣ ልጄ» አለ።

«ይግቡ፣ አባባ። ያለ ጥፋትዎ አንገላታንዎ፤ ይቅር ይበሉን።»

አልገባም። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆመ።

«ያ መሐንዲስ መልካም ሰው ነው» አለ። «ምሰሶዬን ደህና ነው ብሎ ጻፈልኝ። ግን ልጄ፣ አንድ ነገር ለፖሊስም ለእሱም አልተናገርኩም። ከሊፋ ከመሞቱ ከጥቂት ቀናት በፊት እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። ‹ግድግዳዬ ተሰንጥቋል፣ ሚስቴ ፈርታለች፣ መጥተህ እይልኝ› አለኝ። ‹በዚህ ዝናብ ኖራ አይዝም፤ መስቀል ይለፍ› አልኩት። ሸክሙን ላሽሸው ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ ‹ወዴትም አትንካው› እለው ነበር። አልጠየቀኝም። እኔም መጥቼ አላየሁም።»

ፋሪዳ በርጩማውን አውጥታ በረንዳው ላይ አኖረችለት፤ ተቀመጠ። እሷም በደፉ ላይ ተቀመጠች። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። በግቢው ውስጥ የተቆፈረው ጉድጓድ ቀስ በቀስ ውኃ ሲሞላ ሁለቱም ያዩት ነበር።