አንድ ለስምንት

ዜሊያ ከመቶ አርባ ሰባት አገኘች። ማለፊያው ሃምሳ ነው። በሙከራ ፈተናው ሃምሳ ያልሞላለትን ተማሪ ትምህርት ቤቱ ለሰኔው የጂኦግራፊ ፈተና አያስመዘግበውም፤ ያለ ጂኦግራፊ ደግሞ የደን ኮሌጁ በር አይከፈትም። በሦስት ማርክ! በሠላሳ ብትወድቅ እኮ ቁርጧን አውቃ አልቅሳ ይወጣላት ነበር።

ሦስቱ ማርኮች የት እንደቀሩ ታውቃለች። በገዛ ደሴታቸው ካርታ ላይ ከወንዙ ድልድይ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን መንገድ ተዳፋት አስሉ ተብሎ፣ እሷ «1 ለ 8» ብላ ጻፈች። ቲቸር ሮሊንስ በቀይ ሰርዞ «1 ለ 2.4» አለበት።

ዴስኳ ላይ ተደፍታ እንደገና ሠራችው። መንገዱ ካርታው ላይ በክር ሲለካ 4.8 ሳንቲሜትር ነው። መስፈርቱ 1 ለ 25,000 ስለሆነ አንዱ ሳንቲሜትር መሬት ላይ 250 ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ 1,200 ሜትር። ድልድዩ የ250 ከፍታ መስመር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የ750 መስመር ላይ ነው፤ ልዩነቱ 500። 1,200 ለ500 ሲካፈል 2.4። እንደገና ሠራችው፤ ያው 2.4። ታዲያ ያ ስምንት ከየት መጣ? መሞከሪያ ወረቀቱን ከመልሱ ጋር አልመለሱላትም፤ ጭንቅላቷን ብትቧጥጠው ምንም አልወጣ አለ። እጄ ብቻውን ጻፈው እንዴ ብላ ራሷን ታዘበች።

ወደ ቤት የወሰዳት የወንድሟ የከርዊን ሚኒባስ ነው። ከርዊን ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ የሰኔ ፈተና ተፈትኖ ደረጃ አራት መጣለት፤ ምርጡ አንድ ሲሆን የሚያሳልፈው እስከ ሦስት ነበር። ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጧል።

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን እንዲህ የጣልሽው?»

ነገረችው።

«አንድ ለሁለት ነጥብ አራት ነዋ! ሮሊንስ እኛንም እንደዚያ ነው ያስተማረን። አንቺ ስምንትን ከየት አመጣሽው፣ ከሎተሪ?»

ይህን ሲል ድልድዩን ተሻግረው ዳገቱን ጀምረው ነበር። ያው መንገድ፣ ያው ቤተ ክርስቲያን። ከኋላ አንዲት ሴትዮ የሙዝ ቅርጫት ይዛ እንቅልፏን ትለጥጣለች።

«ከርዊን፣ በየሁለት ሜትር ተኩሉ አንድ ሜትር የሚወጣ ዳገት ቢሆን፣ መኪናህ ይወጣዋል?»

«አብደሻል? በጀርባዋ ትገለበጣለች እንጂ።»

«ይኸው እየወጣችው አይደል!»

ከርዊን በመስታወቱ አያት፤ ከዚያ መንገዱን አየ። «እንግዲህ ካርታ ሌላ፣ መንገድ ሌላ» አለ፤ ግን ድምፁ እንደ ቅድሙ አልደፈረም።

በማግስቱ ወደ መምህራን ክፍል ገባች። ቲቸር ሮሊንስ ከሌላ ደሴት የመጣ፣ ለተማሪ የማይሰስት ሰው ነው፤ ዕውቀቱን ማንም አይጠራጠርም። «ተሳስተዋል» ብሎ መናገር ቀርቶ ማሰቡም ከበዳት።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ዳገቱ ለአውቶቡስ በዛ።»

«ምን?»

«በእርስዎ ቁጥር ከሆነ ሚኒባሱ አይወጣውም። ትናንት ግን ወጥቶ ቤቴ አደረሰኝ።»

መምህሩ ሳቀ። ካርታውን ዘርግቶ «ነይ፣ አብረን እንየው» አለ። በጣቱ መስመሮቹን ሲቆጥር ዓይኗ ወደ ካርታው ጠርዝ ሄደ። እዚያ በደቃቁ ተጽፏል፦ ከፍታ በጫማ። ያኔ ሁሉም ትዝ አላት። በፈተናው ዕለት ሰዓት ተርፏት ጠርዙን አንብባ ነበር! 500 ጫማ 152 ሜትር ገደማ ነው፤ 1,200 ለ152 ሲካፈል ስምንት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።

ጣቷን ጽሑፉ ላይ አኖረች። መምህሩ አነበበ። መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ ደግሞ አነበበ።

«እኛ አገር ካርታው በሜትር ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔ እኮ... አራት ዓመት ሙሉ...» ወረቀቷን ስቦ አርባ ሰባቱን ሰረዘና ሃምሳ ጻፈ። «የሌሎቹን ማርክ አልቀንስም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገ እንደገና አስተምራለሁ።»

ደስታዋ እስከ በሩ ብቻ ሸኛት። አራት ዓመት! ዓመቶቹን በጣቷ ቆጠረች፤ ከርዊን የተፈተነበት ዓመት መሃል ላይ ወደቀ።

ማታ ሚኒባሱ ውስጥ ከአጠገቡ ተቀመጠች።

«እና? ማን ተሳሳተ?» አላት።

ልትዋሽ ፈለገች፤ አልሆነላትም። «ቲቸር። ከፍታው በጫማ ነበር።»

«በማን ጫማ?» ብሎ ሳቀ። ድልድዩን እስኪሻገሩ ሳቁ አብሮት ነበር፤ ዳገቱ ሲጀምር ማርሽ ቀየረ።

«ጥያቄዋ ስንት ማርክ ነበራት?»

«ሦስት። የእናንተው ግን ምናልባት በሌላ...»

«እኛንም ከዚሁ ደሴት ካርታ ነው የጠየቁን።» ሁለት እጁን መሪው ላይ አደረገ። «ፈታኞቹ ደረጃውን ብቻ ነው የሚልኩልሽ፣ ዜሊያ። ለማለፍ ስንት ማርክ እንደጎደለኝ አልነገሩኝም።»

ከኋላ አንድ ሰው «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ከርዊን ሳይሰማ ቤተ ክርስቲያኑን አለፈው።