ፊት የሌለው ሰላምታ

በውሃ መሥሪያ ቤቱ የደንበኞች ስልክ ላይ የምትሠራው ልጅ የተቀዳ ድምፅዋን ስትሰማ ደነገጠች። «ጤና ይስጥልኝ» ያለችው «ደግሞ ምን መጣ» ያለች ይመስላል።

አለቃዋ «ደንበኛው ፊትሽን አያይም፤ ከማንሳትሽ በፊት ተንፍሺ፣ ፈገግ በይ፣ ረጋ ብለሽ ተናገሪ» አላት።

በማግስቱ ስልኩ ሲጠራ እንደተነገራት አደረገች። «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት?»

«እናንተ ሰዎች...» ብለው የጀመሩት ሴትዮ ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ተባረኪ የኔ ልጅ። ቧንቧችን ደርቆ ልጮህብሽ ነበር የደወልኩት፤ አፌን አስያዝሽኝ። ቤቴ ያለችው ልጄ እንዳንቺ ብታናግረኝ ምን ነበረበት!»

ልጅቷ ድምፁን አወቀችው። ሳቋ አመለጣት።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ!»



«አንቺ? ታዲያ ይሄን ድምፅ ለኛም ይዘሽልን ነይ እንጂ!» አሉ እናቷ።

ሁለቱም ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ልጅቷ የደረቀውን ቧንቧ መዘገበች።