ዝሆን የሚጭነው ሚኒባስ

ጋሼ፣ ማለቴ ታላቅ ወንድሜ፣ መካኒክ ነው። ተኝቶ እያንኮራፋ በመንገድ የሚያልፍ መኪና ሰምቶ «ሁለተኛው ካንዴላ አልቋል» ይላል ብላችሁ አታምኑኝም። ልክ ናችሁ። ሲነቃ ግን እውነት ነው።

ያጠፋውም ይኸው ጆሮው ነው። ኢንተርኔት ላይ ከገበያው ዋጋ በሲሶ የረከሰ ሚኒባስ አየ። ሻጩ «ውጭ አገር ነኝ፣ መኪናው ወደብ መጋዘን ተቆልፎበታል፣ ማየት አይቻልም» አለው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይተወው ነበር። ጋሼ ግን «የሞተሩን ድምፅ ቅዳና ላክልኝ» አለ። ተላከለት። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሦስቴ ሰማና «ንጹሕ!» ብሎ ቀብዱን ከፈለ።

የከፈለው ሻጩ በላከለት ሊንክ ነው። «የገዢ ዋስትና፤ መኪናውን እስክትረከቡ ገንዘባችሁ እኛ ዘንድ ይቆያል» ይላል ገጹ፤ ቀለሙም ቁርጥ ማስታወቂያው የወጣበትን የሽያጭ ድርጅት ይመስላል።

«ጋሼ፣ የገጹ አድራሻ እኮ የድርጅቱ አይደለም። ብሩም የገባው በአንድ ሰውዬ ስም ነው» አልኩት።

«አንተ ደግሞ! ባለፈው ለአባባ ሎተሪ ወጣላቸው ብለህ በውሸት ሰፈሩን ያስጨፈርክ!»

ምን ልበል? አስጨፍሬያለሁ።

በሳምንቱ ሻጩ «ለማጓጓዣው ኢንሹራንስ፣ በኋላ የሚመለስልህ መያዣ ክፈል» አለው። ጋሼ ብር ስላልነበረው የጋራዡን መኪና ማንሻ ሊሸጥ ተስማማ። የማንሻው ገዢ በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ያ ማንሻ ከተሸጠ ጋራዡ ባዶ አዳራሽ ነው።

 ጥግ ይዤ በራሴ ስልክ ለሻጩ ጻፍኩ፦ «የሰርከስ ባለቤት ነኝ። ሚኒባሱ ዝሆን ይጭናል?»

ወዲያው መለሰ፦ «ያለ ችግር! ቀብዱን ቶሎ ላኩ፣ ሌላ ገዢ አለ።»

«ድምፁን ልስማው።»

ላከልኝ። ሮጬ ለጋሼ አሰማሁት። ሞተሩ ያው፣ ከኋላው ሁለቴ የሚያስለው ሰውዬም ያው።

«ይሄ… የእኔ ነው» አለ።

«የሁላችንም ነው፣ ጋሼ። ለዝሆኑም ልኮለታል።»

አልሳቀም። ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ባንክ ደወልን፤ ሠራተኛዋ ገንዘቡ በገባበት ቀን ከሰውዬው ሂሳብ መውጣቱን፣ መመለሱም እንደሚያጠራጥር ነገረችን። «መልእክቶቹን ሳታጠፉ ከደረሰኙ ጋር ለፖሊስ አመልክቱ። ከእንግዲህ ሳንቲም እንዳትልኩ» አለች። ጋሼ ለማንሻው ገዢ ደውሎ «ቀርቷል ወንድሜ፣ ይቅርታ» አለው።

ስልኩን ሳያስቀምጥ እትዬ፣ ሚስቱ፣ ምሳ ይዛ ገባች። ቀብዱ የእሷ የዕቁብ ብር ነበር።

«አንተ ንገራት» አለኝ በሹክሹክታ፤ «እንደምታውቅበት አድርገህ።»

አፌን ከፈትኩ። አንድ ውሸት እንኳን አልመጣልኝም።

«መኪናው መቼ ነው የሚመጣው?» አለች፣ ሳህኑን እያስቀመጠች።

ጋሼ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ መልሶ ጠረገ።

«መኪና የለም» አላት።