ልዑልሰገድ ያመኑት እሳት

አቶ ልዑልሰገድ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ንብ አናቢ ናቸው። በኅዳር ቀፎ አጭሰው ማር በቆረጡበት ቀን የጋራው ሣር ተቃጠለ፤ የሁለት ጎረቤት የገብስ ክምርም አብሮ ነደደ። ሆን ብለው እሳት ለቀዋል ተብለው ተከሰሱ። መንግሥት ያቆመላቸው ተከላካይ ጠበቃ እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ ቀን በማረፊያ ቤት ሳገኛቸው «ጭሱን ውኃ አፍስሼበት ነው የሄድኩት» አሉኝ። ጻፍኩት። ያየ ሰው ግን አልነበራቸውም። ሲያጨሱ ያዩ ሁለት የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ነበሩ።

በጥር ዐቃቤ ሕጉ ለድርድር ጠራን። በቸልተኝነት ማቃጠላቸውን ካመኑ ከባዱ ክስ ይቀራል፤ ቅጣቱም በገደብ እንዲሆን ዐቃቤ ሕጉ ይጠይቃል።

«ካመኑ ምስክሮቹን መስቀለኛ ጥያቄ አንጠይቅም፤ የእርስዎም ምስክር አይሰማም» አልኳቸው። «በጥፋተኝነቱም ይግባኝ አይሉም። ይግባኝ የሚባለው በቅጣቱ ላይ ብቻ ነው። ዳኛውም በድርድሩ ቅጣት አይገደዱም።»

«ቤቴ እገባለሁ?»

«ሊገቡ ይችላሉ። ቃል ግን አልገባም።»

«እንግዲህ ውኃው በደንብ አልደረሰው ይሆናል» አሉ።

ያኔ ነበር ማቆም የነበረብኝ። መጀመሪያ ቀን የነገሩኝን አላነሳሁላቸውም። ከተሸነፍን የሚጠብቃቸውን እስራት እያሰብኩ ፈርሜ አስፈረምኳቸው።

ችሎት ላይ ዳኛው ያመኑት በፈቃዳቸው መሆኑን፣ የሚተዉትን ማወቃቸውን ጠየቋቸው። «አዎ» አሉ። «ምን አደረጉ?» ሲባሉ ወደኔ አዩና «ጭሱን ሳላጠፋ ሄጃለሁ» አሉ። አንድ ዓመት እስራት በገደብ ተፈረደባቸው፤ በዚያው ቀን ቤታቸው ገቡ።

ከፋሲካ በኋላ ወይዘሮ ጌታነሽ የምትባል ጎረቤታቸውን ይዘው ቢሮዬ መጡ። እሳቱ በተነሳ ማግስት የወለደች ልጇን ልታርስ ደብረ ብርሃን ሄዳ፣ እዚያው ከርማ መመለሷ ነበር። ከቀፎዎቹ በላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ሁለት መንገደኞች እሳት ሲሞቁ አይታለች። ነበልባሉ የተነሳው ከዚያ ነው።

«አሁን ትናገርልኝ?» አሉኝ።

«ክሱን የሚከራከሩበት ጊዜ አልፏል ጋሼ። አምነዋልና በጥፋተኝነቱ ይግባኝ የለም።»

ጌታነሽ «እኔን ሳይጠይቁ?» አለች።

አቶ ልዑልሰገድ ግን አልተቆጡም። «ክምራቸው የነደደባቸው ሰዎች» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከእስር ስወጣ ቤቴ መጥተው ነበር። በአፍህ አመንክ፣ እኛም ይቅር ብለናል አሉኝ። ላላጠፋሁት ጥፋት ይቅርታ ተቀበልኩ።»

«ልንነግራቸው እንችላለን» አልኩ።

«ፍርድ ቤት ያመንኩትን እቤቴ ብክድ ማን ይሰማኛል፣ ልጄ?»

ጌታነሽን ይዘው ወጡ። የፋይሉን የመጀመሪያ ገጽ አውጥቼ አነበብኩ። በገዛ እጄ ጽሑፍ «ውኃ አፍስሼበት ነው የሄድኩት» ይላል።