ጓዳ የሆነው በር

የወንድሟ የደሞዜ ልጅ ሰርግ ሲነሳ ለሌላው ሰው የሚታየው ጭፈራው ነው። ለዝናሽ የሚታያት ግን በሩ ነበር። ሥራዋ የሕንፃ ፈቃድ መመርመር ነው፤ ክፉ ክፉውን ማሰብ ደግሞ ከሥራዋም በፊት አብሯት ያደገ ነው።

ሰርጉ የተደገሰበት አዳራሽ ደብረ ታቦር መሐል ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አራት መቶ ካሬ ሜትሩ ፎቅ መጀመሪያ የተፈቀደው ለቢሮ ነበር። ቢሮ ሲሆን ለአንድ ሰው አሥር ካሬ ሜትር ይታሰባል፤ ስለዚህ አርባ ሰው ቢሆን ነው፤ አንድ ደረጃም ይበቃዋል። ባለቤቱ አቶ አስናቀ ግድግዳውን አፍርሶ አዳራሽ ላድርገው ሲል ዝናሽ አሻፈረኝ አለች። ጠረጴዛ ከብቦ ለሚቀመጥ እንግዳ አንድ ካሬ ሜትር ተኩል እንኳ አይደርሰውምና፣ አርባው ሰው ሦስት መቶ ሊሆን ነው። አስናቀ እያጉረመረመ ከመድረኩ ጎን ሁለተኛ በር ከፈተ፤ ከኋላም የብረት ደረጃ ሠራ። ያኔ ፈረመችለት፦ ከሦስት መቶ ሰው እንዳይበልጥ፣ ሁለቱም በሮች ክፍት እንዲሆኑ።

በሰርጉ ቀን ስትገባ ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ደሞዜ፣ ስንት ሰው ነው የጠራኸው?»

«ሦስት መቶ ወረቀት ነው የበተንኩ። አንቺው ያልሽውን!»

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ምን ይላል? ከነቤተሰብዎ ይላላ። ታዲያ ሰውን ልጅህን ከውጭ አስረህ ና ልበለው?»

የኋላውን በር ልትገፋ ሄደች። ተቆልፏል። በበሩ ጠባብ መስታወት ብታይ የጠላ በርሜልና የወጥ ድስት የብረት ደረጃውን አፍ ሞልቶታል። ጓዳ አድርገውታል። ቁልፉ የድግሱ አዛዥ የሆኑት አጎቷ ጋሼ ይሻው ኪስ ውስጥ ነው።

«ጋሼ ይሻው፣ ይህን በር ይክፈቱልኝ። መውጫ ነው።»

«መውጫው በመጣሽበት ነው፤ ይኼ ጓዳ ነው። ጓዳ ከፍቶ የሚደግስ የት አይተሻል? ጠላው እስከ ማታ አይደርስም!»

«እሳት ቢነሳስ?»

«በስመ አብ! በሰርግ ቀን እሳት ይጠራል? አንቺ ልጅ፣ ሟርትሽን እቢሮሽ ትተሽ ነይ!» አሳላፊዎቹ ሳቁ። ዝናሽ በሩን ትታ ወደ እናቷ ሄደች።

እናቷ ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ የሙሽራዋ አያት፣ በክብር ከመድረኩ ሥር ተቀምጠዋል። የኋላው በር ቢከፈት ከሁሉ ሰው ቀድመው የሚወጡ እሳቸው ነበሩ። ስለተቆለፈ ግን ከሁሉ የራቁ እሳቸው ሆኑ። ርቀት በዓይን አይለካም፤ በእግር ነው የሚለካው፤ በየጠረጴዛው መሐል ዞሮ፣ በየወንበሩ ተሽሎክልኮ።

«እማዬ፣ ወደ ፊተኛው በር ላስጠጋሽ።»

«በር ላይ የሚቀመጥ ለማኝ ነው። ተይኝ ልጄ፣ የልጅ ልጄን ልይበት።»

ተወቻቸው።

ሙሽራው ከነአጃቢዎቹ ሲደርስ የሴት ወገን እንደ ወጉ የፊተኛውን በር ዘግቶ አላስገባም እያለ ይዘፍን ጀመር። ከውጭ ደረጃው ከታች እስከ ላይ አጃቢ ሞላው። ያን ጊዜ ከአዳራሹ መሐል፣ ከጎን ግድግዳው ሥር ካለው የድምፅ ማጉያ ገመድ እሳት ብልጭ አለና የግድግዳውን የጌጥ ጨርቅ በላው። ጥቁር ጭስ ጣሪያውን ያዘ። ሰው ሁሉ በገባበት በር ሊወጣ ነጎደ። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ነው፤ ውጭ ያለው ግን ጩኸቱን ዘፈን መስሎት መልሶ ይገፋል።

ዝናሽ እናቷን ደግፋ ወደ ኋላው በር ወሰደቻቸው። «ቁልፍ! ጋሼ ይሻው፣ ቁልፉን!» ጋሼ ይሻው ግን ፊተኛው በር ጋ፣ ከሰው መሐል ተቀርቅረዋል። ጭሱ ወረደ። እናቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያስላሉ፤ ቀጥሎም ማሳሉን ተዉት። አሳላፊዎቹ በሩን በአግዳሚ ሰብረው በርሜሉን ገልብጠው ሲወጡ ዝናሽ እናቷን ተሸክማ ወጣች። የብረት ደረጃው በፈሰሰው ጠላ ያዳልጣል። ታች አስቀምጣ ጠራቻቸው። አልመለሱላትም።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ላይ ሴቶቹ ከኋላዋ ሲያወሩ ሰማች።

«እሳት እሳት ስትል ነበር አሉ።»

«አፏ ነው እናቷን የበላት።»

ደሞዜ ሰምቷል፤ ቀና አላለም። ጋሼ ይሻው እንባቸውን በጋቢያቸው ይጠርጋሉ፤ ከአጠገባቸው ያለው ሰው «የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላቸዋል።

ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ መግቢያው አንድ ነው። ዝናሽ ተነስታ በወዲያኛው ጫፍ የሸራውን ገመድ ፈታች፤ ጥግ ጥጉን ገለጠችው። የጉና ተራራ ብርድ ገባ።

«ኧረ ማነው የከፈተው? ሽማግሌ አለ እኮ እዚህ!» አለ አንዱ።

አንድ ጎረምሳ ተነሳና ሸራውን ወደ ታች ስቦ፣ ገመዱን ሁለት ጊዜ ቋጠረው።