መርዶውን የቀደመው መግቢያ

ውዳሴ የወንድሟን መሞት ከእናቷ ቀድማ አወቀች፤ መከራዋም የጀመረው ከዚያ ነው።

አጎቷ ገብረሰንበት ቡሬ ድረስ መጥቶ፣ ተከራይታ ከምትማርበት ግቢ አስጠርቶ አወጣትና ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር አቁሞ ነገራት። ወንድሟ ቢሆነኝ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ ነበር። እዚያው ወባ ያዘው። አብሮት የወረደ የሰፈር ልጅ ስልክ ደውሎ «ሞቷል፣ ቀብረነዋል» አለ፤ ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ፣ ዳግመኛም አልተገኘም። አጎቷ የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር።

«እናትሽ እንዳትሰማ» አላት። «ጤፉ ገና ማሳ ላይ ነው። ዛሬ ብንነግራት ማን ያጭድላታል? አዝመራው ይሰብሰብና በወጉ እናረዳታለን። እስከዚያ አፍሽን ያዥ። በአጥንቱ ማይልኝ።»

ውዳሴ ማለች። ማልቀስ ግን አልተፈቀደላትም፤ ዓይኗ ካበጠ ወሬው ገበያተኛውን ተከትሎ ቀበሌያቸው ይገባል። ፊቷን በውሃ ታጥባ ተመለሰችና ከጓደኞቿ ጋር ሽሮ በላች።

የአገሩ ሰው መርዶ ሲያረዳ ከሩቅ ይጀምራል። ማለዳ ነው የሚሆነው። ጎረቤቱ ደጅ ላይ ይሰበሰባል፤ አንድ ሽማግሌ ስለ ፈጣሪ ፈቃድ ያነሣል፣ ስለዚች ዓለም ከንቱነት ይጨምራል፣ እየዞረ እየዞረ ይቀርባል። ሐዘንተኛዋ ነገሩ ወደ እርሷ ቤት እየመጣ መሆኑን ቀስ በቀስ ታውቀዋለች፤ ስታውቀውም ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሴቶች ክንዷን ይዘዋል። ወጉ ሐዘኑን አያቀልላትም፤ ብቻዋን እንዳትሰማው ግን ያደርጋታል። ውዳሴም የምትመኘው ይህንኑ ነበር፤ እናቷ ሀብትነሽ የልጇን መርዶ በወጉ እንድትረዳ። ወደ ኅዳር መገባደጃ አጎቷ «የፊታችን እሑድ ነው፣ ቅዳሜ ማታ ነይ» ብሎ ላከባት። ተመስገን አለች። ከዚያ ወዲያ ከእናቷ ጋር እኩል ታለቅሳለች።

እሑድ ከመድረሱ በፊት ግን መምህር ክንፈሚካኤል አለ።

ክንፈሚካኤል የደምበጫ ልጅ፣ የአማርኛ መምህር፣ ገና ወጣት ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቢያንስ የሚረገም ሰው ይገኝ ነበር። ድርሰት ሲያስተምር ጠመኔው እስኪሰበር ይጽፋል፤ የተማሪን ወረቀት እንደ ሌሎቹ በቀይ ምልክት ብቻ አያልፍም፣ ቁጭ ብሎ ያነባል።

«መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ፤ ይህን ታውቃላችሁ» አላቸው በዚያ ሳምንት። «የማታውቁት፣ መግቢያው ራሱ መክፈቻ እንደሚያስፈልገው ነው። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር የአንባቢውን ቀልብ ካልያዘች የቀረው ድካማችሁ ከንቱ ነው። በጥያቄ ክፈቱ፣ ወይም በአጭር ገጠመኝ፣ ወይም በሚያስደንቅ እውነት። ጥያቄ ከሆነ አንባቢው የሚያስብበት ይሁን። አስደናቂ እውነት ከሆነ ከየት እንዳገኛችሁት ጻፉ። ገጠመኝ ከሆነ አይንዛዛ፤ ከዚያ ወደ ዋናው ሐሳባችሁ የምታሻግር ዓረፍተ ነገር አስከትሉ። ለጊዜው መግቢያውን ብቻ ጻፉልኝ።»

ርእሱን ሰሌዳው ላይ ጻፈው፤ «ሥራ ፍለጋ ከቀዬ መራቅ»። ከርእስ ሁሉ ይኸው ይመጣል እንግዲህ። ውዳሴ አንገቷን ደፍታ ገለበጠችው።

በመጀመሪያ ያቀረበችው ጥያቄ ነበር። «ወጣቶች ቀያቸውን ጥለው የሚሄዱት ለምንድን ነው?» መምህሩ አነበበና ፈገግ አለ። «አንባቢሽ ‹ሥራ ፍለጋ› ብሎ ይመልስልሽና ወረቀቱን ያስቀምጣል። መልሱ ርእሱ ላይ ተጽፏል እኮ።» ቀጥሎ፣ ከወረዳችን ወጣቶች አብዛኞቹ በየዓመቱ ቆላ ይወርዳሉ ብላ ጻፈች። «አብዛኞቹ ማለት ስንት ናቸው? ማን ቆጠራቸው?» አላት። አላወቀችም። «እንግዲያው ይህ አሉባልታ እንጂ እውነት አይደለም። ገጠመኝ ሞክሪ። የግድ በራስሽ ላይ የደረሰ መሆን የለበትም፣ ሊሆን የሚችል ነገር ፈጥረሽ መጻፍም ትችያለሽ።»

ያን ዕለት ከሰዓት፣ ጓደኞቿ ውሃ ሊቀዱ በወጡበት፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጻፈች። ፈጥራ ለመጻፍ ነበር ሐሳቧ። የሌላ ሰው ወንድም፣ የሌላ ሰው እናት ልትፈጥር ፈልጋ እጇ እንቢ አላት። ሞቱን ካወቀች ወዲህ ቤት የሄደች ጊዜ ያየችውን ጻፈች፤ እናቷ ለቢሆነኝ ገብስ ቆልታ በሶ ማስፈጨቷን፣ «ከቆላ ሲመጣ ሰውነቱ ተጎድቶ ነው የሚመጣው» ማለቷን። ስሙንም ጻፈችው። ከሞተ ወዲህ ስሙን ለማንም ጠርታው አታውቅም ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ስታየው የታፈነው እንባዋ ወረደ። መጨረሻ ላይ፣ ከወረቀቱ ግርጌ፣ መሞቱን ጻፈች። ቀለል አላት። ለሰው የተናገረችው አልመሰላትም።

መምህሩ በማግሥቱ አነበበው። ሁለተኛም አነበበው። ከዚያ እስክሪብቶውን አወጣ።

«ውዳሴ፣ ይህ ሌላ ነገር ነው። አንድ ስሕተት ብቻ አለው። ትልቁን ነገር ከታች ቀብረሽዋል። አንባቢ እዚያ ሳይደርስ ሊሰለች ይችላል። ሞቱን አውጥተሽ ፊት ላይ አድርጊው፣ በሶው ይከተል።»

«ፊት ላይ?»

«ከመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ፈጠራሽ ነው አይደል?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ሁሉም ይቀር ነበር። ግን ምላለች፣ ያውም በአጥንቱ። መምህሩ የሚያውቀው ሰው ይኖራል፣ ያም ሰው ገበያ ይወጣል።

«አዎ ቲቸር፣ ፈጠራ ነው» አለች።

እንደታዘዘችው አስተካክላ ጻፈችና ሰጠችው። ዓርብ ጠዋት ክፍል ገብቶ፣ ከሁሉም የተሻለው መግቢያ የውዳሴ መሆኑን፣ በእረፍት ሰዓት በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ እንደሚነበብ ተናገረ። ተማሪው አጨበጨበ። ውዳሴ ስሙን አውጡልኝ ልትል አሰበች፤ ፈጠራ ከሆነ ስሙ ምን አደረገሽ ቢላትስ? ደግሞም የሚሰማው ተማሪ ነው፣ እናቷ ያለችው ጤፍ አጨዳ ላይ ነው አለች። ራሷን በዚህ አጽናናች፤ ምስኪን።

ሀብትነሽ ግን ጤፉን ሐሙስ ጨርሳ ነበር። ለልጇ ስንቅ ካደረሰች ቆይታለችና ዓርብ ማለዳ የእንጀራ ድርቆሽና በርበሬ አዝላ ወደ ቡሬ ወጣች። እሑድ ምን እንደተደገሰላት አታውቅ፣ ማንን አማክራ ትቅር?

የእረፍት ደወል ሲደወል ውዳሴ ከሴቶቹ ጋር ጥላ ሥር ነበረች። ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ፣ ሙዚቃው ዝቅ አለ፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ የሚያነበው ወንዳወቅ «ጤና ይስጥልን ውድ አድማጮቻችን» ማለት ጀመረ። በዚያው ቅጽበት ውዳሴ ወደ በሩ አየች። እናቷ ከብረቱ ማዶ ከጥበቃው ጋር እየተነጋገረች ነው፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ጀርባዋ ላይ ጆንያ አዝላ፣ በዓይኗ ልጇን እየፈለገች።

ሚኒ ሚዲያው ክፍል ሩቅ ነው። በሩ ይቀርባል። ውዳሴ ወደ በሩ ሮጠች። እናቴን አቅፌ፣ ጆሮዋ ሥር እያወራሁ ወደ መንገዱ እወስዳታለሁ አለች። ወንዳወቅ «በተማሪ ውዳሴ የተጻፈ» ሲል እናቷ የልጇን ስም ሰምታ ፊቷ በራ፤ ልጄ ተመሰገነች ብላ ጥበቃውን በኩራት አየችው። ውዳሴ ጥቂት እርምጃ ቀርቷት ነበር።

«ወንድሜ ቢሆነኝ መተማ በወባ ከሞተ ወር አልፎታል» አለ ድምፅ ማጉያው። «እናቴ ግን አታውቅም። ከቆላ ሲመለስ የሚጠጣውን በሶ አስፈጭታ ትጠብቀዋለች። ሰውነቱ ተጎድቶ ነው የሚመጣው ትላለች። እንጀራ ፍለጋ ከቀዬው የሚወጣ ወጣት ይዞት የሚሄደው የራሱን ሕይወት ብቻ አይደለም፤ ይህ ድርሰትም ከኋላ የሚቀሩትን ይመለከታል።»

ወንዳወቅ አመሰገነና ሙዚቃውን ከፍ አደረገው።

ሀብትነሽ ጆንያውን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ልጇን ፊት ለፊት አየቻት፣ ውዳሴም ዓይኗን መመለስ አቃታት። ፈጠራ ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ ለመምህሩ የወጣው ቃል ለእናቷ አልወጣ አለ።

«አንች፣ ወር ሙሉ ታውቂ ነበር?»

«አጎቴ አስምሎኝ ነው እማዬ። እሑድ ሊነግሩሽ ነው።»

«በሶውን ስሰፍር አብረሽኝ ወንፊቱን ይዘሻል።»

«አዎ።»

ሀብትነሽ ወደ ድምፅ ማጉያው ቀና አለች። «እንዲህ ብለው ይተውታል? በይ ሂጅና ቀሪውን ያንብቡልኝ በያቸው።»

«ቀሪ የለውም እማዬ። መግቢያ ብቻ ነው የጻፍሁት።»

«ሲሞት ማን ነበር አጠገቡ? ውሃ ያቀመሰው አለ? ቄስ አግኝቷል? ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው ያረፈው ልጄ?»

«አላውቅም። አጎቴም አያውቅም።»

መምህር ክንፈሚካኤል መልካም ዜና ሊነግር ሲመጣ የተማሪዋ እናት መሆኗን ከሩቅ ገምቶ ነበር። ቀርቦ የውዳሴን ፊት ሲያይ ቆመ። ወረቀቱ እጁ ላይ ነው። ነገሩ ገባው።

ሀብትነሽ ወረቀቱን አየችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን የልጇ ወሬ ያለበት እሱ መሆኑን አወቀች። ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ፣ ሰው ፊት እንደምትቀርብ ሴት በትከሻዋ አደረገች።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ነዎት የሚያስተምሯት?» አለችው ዝቅ ብላ። «ጀምራችሁ ተዋችሁት። እርስዎ ፊደል ያውቃሉ፣ የልጄን ነገር እባክዎ እስከ መጨረሻው ይንገሩኝ።»

«እናቴ» አለ፣ «እኔ የማውቀው ይችን ብቻ ነው።»

ያኔ በሩ ላይ ተቀመጠች። ቢሆነኝ፣ ቢሆነኝ አለች፤ ውዳሴም አቅፋት ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን በሙሉ ድምፅዋ እየጠራች አብራት አለቀሰች። ለእናቷ የምትነግራት አንድም ሌላ ቃል አልነበራትም።