የዓርብ ማታዋ ዓረፍተ ነገር

ኤሊሻ ያችን ዓረፍተ ነገር ለምን ቆረጣት? ያን ቀን አንድ ሰው ትከሻውን ነካ አድርጎ ቢጠይቀው ኖሮ ቦታ ጠቦኝ ነው ይል ነበር። ቦታው በእርግጥም ጠቦ ነበር። በስልክ ላይ የሚታይ ማስታወቂያ እንደ ሰርግ ድንኳን አይደለም፤ የመጣውን ሁሉ አያስገባም። ግን ቦታ የጠበበው ሰው የሚቆርጠው ሌላ ብዙ ነገር ነበረው። እውነተኛውን መልስ ራሱም ገና አላወቀውም።

ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 2016 ነው። ኤሊሻ እስራኤል ውስጥ፣ በፔታህ ቲክቫ ከተማ ኪርያት አርዬ በሚባለው ሰፈር፣ ታክሲ በስልክ የሚያስጠራ መተግበሪያ ባለው አንድ ኩባንያ ውስጥ የማስታወቂያ ጸሐፊ ነበር። ኩባንያው እያደገ ነው፤ ታክሲ የሚጠራው ሰው በዛ፣ ሾፌሩ አነሰ። በግል መኪና ተሳፋሪ ማመላለስን ሕጉ ስለማይፈቅድ የሚፈለገው የታክሲ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ነው። እሱም የራሱን ወይም የተከራየውን ታክሲ ይዞ ይመጣል። ደመወዝ የለም። ኩባንያው ጥሪውን ይሰጣል፣ ከየጉዞው ድርሻውን ያነሳል፤ ነዳጁና ኢንሹራንሱ የሾፌሩ ነው። ይህን ሳይደብቁ፣ ሳያስፈራሩም መጻፍ ነበር የኤሊሻ ሥራ። «እስከዚህ ድረስ ታገኛለህ» የሚለውን አባባል እንደተቀጠረ ነው ያስቀረው። አንድ ሰው በአንድ ጥሩ ሳምንት ያገኘውን ሁሉም ሰው ሁልጊዜ የሚያገኘው ያስመስላል ብሎ ተከራከረ፣ አለቃው ኢታማርም ተቀበለው። በዚህ ኤሊሻ ይኮራ ነበር። የተማረው እንግሊዝ አገር ነው፤ እዚያ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ሲመለስ የሚኮራበት ሌላ ነገር አልነበረውም።

ሲመለስ በእናቱ ቤት ቦታው ተይዞ ጠበቀው። የያዘው አብሮ አደጉ ሀብቱ ነው። ሁለቱ በፔታህ ቲክቫ አንድ ደረጃ እየወጡ፣ አንድ ትምህርት ቤት እየሄዱ ነው ያደጉት። ኤሊሻ በሌለባቸው ዓመታት እናቱን ወይዘሮ ድንቅነሽን ሐኪም ቤት የሚያመላልሳቸው ሀብቱ ነበር። ታክሲውን ከደጃቸው አቁሞ ጡሩምባ አይነፋም፤ ወጥቶ ክንዳቸውን ይይዛል። አሁንም ቤት ሲመጣ ቀድሞ የሚቀርብለት ለእሱ ነው። ልጃቸው የሚናገረውን እየሰሙ ዓይናቸው ወደ ሀብቱ ይሄዳል፤ እሱ ምን ቀልድ ያመጣ ይሆን እያሉ። ሀብቱ ጫማው የማይቆሽሽ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ትንሽ ጉረኛ ሰው ነው። ግን ሲናገር ሰው ወንበሩን ያስጠጋል። ኤሊሻ ሲናገር ሰው ስልኩን ያያል።

ታዲያ ኢታማር አንድ ቀን በአማርኛም ማስታወቂያ እናውጣ አለ። ከራሳችን ሾፌሮች የአንዱ ፎቶና ቃል ይኑርበት፣ ተሳፋሪዎች ሁሉ የሚያመሰግኑት ሀብቱ የሚባል አለ፣ ታውቀዋለህ? ኤሊሻ አውቀዋለሁ አለ። ከዚያ በላይ አልጨመረም።

ኪርያት ማታሎን በሚባለው የጋራዦች ሰፈር፣ ታክሲው ጎማ እስኪቀየርለት ኤሊሻና ሀብቱ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ሀብቱ ገና ሲያየው ጀመረ።

«አንተ ፈረንጅ፣ ደግሞ ምን ልትጽፍብኝ ነው?»

ኤሊሻ ስለ ዋስትናው አስረዳው። ኩባንያው ለአዲስ ሾፌሮች ለመጀመሪያው ወር በሰዓት የተወሰነ ገቢ ዋስትና እንደገና መስጠት ጀምሯል፤ ገቢው ከዚያ ካነሰ ኩባንያው ይሞላል። ሁኔታው ሁለት ነው፤ ከሚመጣለት ጥሪ አብዛኛውን መቀበል፣ ጥሪ በሚበዛባቸው ሰዓቶችም መሥራት። ከእነዚያ ሰዓቶች አንዱ ዓርብ ማታ ነው።

ሀብቱ ሳቀ። እሱ በጀመረ ጊዜም እንዲህ ያለ ነገር ነበር፤ አልደረሰውም። ምክንያቱም ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ይገባል፤ ከዚያ በፊት የቤተ እስራኤሎቹን ጸሎት ቤት በር የሚከፍተው እሱ ነው፤ ቁልፉ በአንገቱ ነው። ከዚያ ኤሊሻ ድምፁን ሊቀርጽ ስልኩን ከፈተ፣ ሀብቱም ሳያስብ፣ ጫማውን እያየ ተናገረ፤

«ትልቁ ገቢ ዓርብ ማታ ነው። ዓርብ ማታ እኔን የምታገኙኝ ጸሎት ቤት በር ላይ ነው፣ ቁልፍ ይዤ። ስለዚህ ያ ዋስትና እኔ ቤት አልደረሰም፤ የቀረው ሳምንት ግን አላሳፈረኝም።»

ኤሊሻ መቅረጫውን ሲዘጋ እጁን ያዘው። «ይቺን እንዳትተዋት። ሰው ወረቀቱን አይደለም የሚያምነው፣ ፊቴን ነው። ፎቶ መስጠት ዋስ መሆን ነው፣ ታውቃለህ።»

አውቃለሁ አለ ኤሊሻ።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ቃሉን ወደ ዕብራይስጥ መልሶ አነበበው። የማስታወቂያዎቹን ሥዕል የምትሠራው ሞራን መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ዝም አለች። ኢታማር ድገመው አለ። ኤሊሻ ደገመው። ይህ ነው እኮ የምፈልገው፣ አለ ኢታማር፤ ከማይሆንለት ነገር ጀምሮ ስለሚሆንለት ያሳምንሃል። ከዚያም ያለ ክፋት፣ እንደ ቀልድ፣ «አንተስ ለምን እንዲህ አትጽፍልንም?» ብሎ ትከሻውን መታ።

ሁሉም ሳቁ። ኤሊሻም ሳቀ። ስንት ወር ሙሉ ያሻሻለው፣ የመዘነው፣ የተከራከረለት ጽሑፍ አንድም ቀን ክፍሉን ዝም አሰኝቶ አያውቅም። ሀብቱ ጎማ እያስቀየረ ዝም አሰኘው፤ ያውም በኤሊሻ አፍ።

ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያውን ሊያዘጋጅ ተቀመጠ። ፎቶው አለ፣ ሀብቱ በሩን ከፍቶ ፈገግ እንዳለ። ዋስትናው አለ። የመንጃ ፈቃዱ ነገር፣ የኩባንያው ድርሻ፣ ነዳጁ፣ ሁሉም በአጭሩ አለ። ቃሉን አስገባውና መስመሩ ከቦታው ተረፈ። የኩባንያውን መፈክር ቢያወጣ ይበቃው ነበር፤ መፈክሩን ማንም አያነበውም። እጁ ግን ወደ ሀብቱ ቃል ሄደ። «የቀረው ሳምንት አላሳፈረኝም» የሚለውን ብቻ ተወና የዓርብ ማታውን አወጣ። በቦታው የራሱን አስገባ፤ «ሰዓትህን አንተ ምረጥ»።

ውሸት አልነበረም። ሾፌር ሰዓቱን ይመርጣል፤ ዋስትናውም አለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ነገሩ የሚለወጠው፤ የወደድከውን ሰዓት ሥራ፣ ዋስትናው ያንተ ነው ይላሉ። ኤሊሻ ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ማስታወቂያውን ተጭኖ ለሚገባ ሰው ዝርዝሩ በሚቀጥለው ገጽ ተጽፏል ብሎ ራሱን አጽናና። እዚያ ቢሮ ውስጥ ከእሱ ሌላ አማርኛ የሚያነብ የለም። ኢታማር ወደ ስብሰባ ሲያልፍ ብቅ ብሎ፣ «በሰደር?» አለው፤ ሁሉ ደህና ነው ወይ።

«በሰደር» አለ ኤሊሻ።

የኩባንያው ስልክ መደወል ጀመረ። ከፔታህ ቲክቫ፣ ከጎረቤቷ ከተማ ከሮሽ ሃዓይን፣ ከየፋብሪካው፣ የታክሲ ፈቃድ አውጥተው ያስቀመጡ ሰዎች ሁሉ ጠየቁ። ኢታማር ደስ አለው። ወይዘሮ ድንቅነሽም ማስታወቂያውን ለጎረቤት ሁሉ አሳዩ፤ «የኛ ሀብቱ» እያሉ። ማን ጻፈው አላሉም።

ወር አለፈ። አንድ ዓርብ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ኤሊሻ እናቱን ጸሎት ቤት አደረሰ። ሀብቱ በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ የጸሎት ቤቱ ቄስ፣ ቄስ ሽሙኤልም ከጎኑ ናቸው። ከሮሽ ሃዓይን አያ ዘመኑ መጣ። ኤሊሻንና ሀብቱን በዕድሜ የሚበልጥ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ማስታወቂያውን አይቶ፣ የፋብሪካ ሥራውን ለቆ ታክሲ ተከራይቶ ነበር። ሰላምታውን ሳይጨርስ ስልኩን አወጣና ማስታወቂያውን ለሀብቱ አሳየው።

«ይህ ያንተ ፊት ነው?»

«የኔ ነው፣ አያ ዘመኑ።»

«ወሩን ሙሉ ለፋሁ። ሰንበትን አከበርኩ። ዛሬ ስጠይቃቸው ዓርብ ማታ ስላልሠራህ ዋስትና የለህም አሉኝ። አንተ ይህን እያወቅህ ነው ፊትህን የሰጠኸው? ወይስ አንተ ዓርብ ማታ ትሠራለህ?»

ሀብቱ ስልኩን ተቀብሎ አነበበ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብሎ ያነበበው፤ ሰው ሁሉ ፎቶውን ሲያሳየው ፎቶውን ብቻ ነበር የሚያየው። አንብቦ ሲጨርስ ቀና አለና በሰዎቹ መካከል ኤሊሻን ፈለገ። አገኘው። ጠበቀው። ተናገር የሚል ዓይን ነበር።

ኤሊሻ ሊናገር አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት ግን ከውስጡ አንዳች ነገር ደስ አለው። ሀብቱ ቃል አጥቶ ሲቆም በሕይወቱ አይቶ አያውቅም፤ ሰዎቹም ወንበር አላስጠጉም፣ ወደ ኋላ ሸሸት ነው ያሉት። ደስታው እንደ ክብሪት ቦግ ብሎ ጠፋ፤ ሲጠፋ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ቄስ ሽሙኤል እጃቸውን ዘርግተዋል።

«ልጄ፣ ነገሩ እስኪጣራ ቁልፉ እኔ ጋ ይሁን» አሉ በለሆሳስ።

ሀብቱ ከአንገቱ አውልቆ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ኤሊሻ የሀብቱን ጫማ ነበር የሚያየው። እንደ ወትሮው ንጹሕ ነው።

እሑድ ጠዋት፣ የሥራው ሳምንት ሲጀምር፣ ኤሊሻ ወደ ኢታማር ቢሮ ገብቶ ሁሉንም ተናገረ፤ ቅናቱን ብቻ አልተናገረም። ኢታማር አልጮኸም። ማስታወቂያውን እዚያው አስወረደ። ሾፌር በውሸት መጥቶ በወሩ ከሚሄድ፣ ባይመጣ ይሻለኛል፤ ሲሄድ ብቻውን አይሄድም አለ። በዚያ ማስታወቂያ ለገቡት ሁሉ የዓርብ ማታው ሁኔታ ተነስቶላቸው ዋስትናው ይታሰብላቸው ብሎ ወሰነ፤ ለአያ ዘመኑም ራሱ ደወለ። ከዚያም የተቆረጠችውን ዓረፍተ ነገር መልስ፣ በሀብቱ ፈቃድ ብቻ፣ አለ። ሀብቱ ግን ፎቶውን ከማስታወቂያው እንዲያወጡለት በማለዳው ለኩባንያው ጽፎ ነበር። አዲሱ ማስታወቂያ ያለ ፊት፣ ያለ ስም ወጣ፤ «ዓርብ ማታ የማይሠራ ሰው ይህ ዋስትና አይደርሰውም» የሚል የኤሊሻ ዓረፍተ ነገር ይዞ። ትክክል ነው። ማንንም ዝም አያሰኝም። ጥቂት ሰው ደወለ፤ የደወለው ግን ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ነበር።

ኤሊሻ ቄስ ሽሙኤል ዘንድም ሄዶ ተናዘዘ። ቁልፉን ዕለቱን ለሀብቱ እንደሚመልሱ ነገሩት። ለምን እንዳደረግከው ግን ለእኔ አትንገረኝ፣ ለእሱ ንገረው አሉ።

ደወለለት፤ አላነሳም። ቤቱ ሄደ፤ ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ የለም አለችው፣ ታክሲው ግን ከደጁ ቆሟል። እናቱ ሰኞ ሐኪም ቤት ሲሄዱ የወሰዳቸው ያው ሀብቱ ነው። ስለ አንተ ምንም አላለም አሉት፣ ፊቱን እያዩ።

ስልኩን ይዞ ሳሎን ተቀመጠ። መጀመሪያ ረጅም አድርጎ ጻፈው፤ ቦታ ጠቦኝ፣ ዝርዝሩ በሚቀጥለው ገጽ ነበር፣ አስቤበት አይደለም። አነበበውና ማስታወቂያ ማስታወቂያ ሸተተው። አጠፋው። እንደገና ጻፈ፣ አላስተካከለውም፣ ላከው፤

«ሀብቱ፣ ዓረፍተ ነገርህን የቆረጥኳት እኔ ነኝ። ቦታ ጠቦኝ አይደለም። ከኔ ስለበለጠች ነው።»

ከመልእክቱ ሥር ያሉት ሁለት ምልክቶች ወዲያው ሰማያዊ ሆኑ፤ አንብቦታል። ከላይ፣ ከስሙ ሥር፣ «እየጻፈ ነው» የሚል ታየ። ትንሽ ቆየና ጠፋ። ኤሊሻ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ።